«18 ማለት የዘንድሮ ናት» ሲሉህ፦ ከጎማ ፎቶ ላይ ብራንድ፣ ሳይዝ፣ ጭነትና ዕድሜ አንብቦ ከሶስቱ አንዱን መምረጥ

ባለፈው ሰሞን ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ የእህቴ ባል በቴሌግራም ሶስት ፎቶ ላከልኝ። አባዱላ አለችው፣ ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ትመላለሳለች፣ አራቱም ጎማዋ መላጣ ሆኗል። ከፎቶዎቹ ስር «የትኛውን ልውሰድ? ሰውዬው ነገ ጠዋት ሌላ ገዢ አለኝ እያለ ነው» ብሎ ጽፏል። ሶስቱም ከሶስት ሱቅ ናቸው፣ ሶስቱም ጥቁር ናቸው፣ ሶስቱም «አዲስ» ናቸው። አንዱ ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው የጃፓን ብራንድ፣ ሁለተኛው እኔም ስሙን ሰምቼው የማላውቀው የቻይና፣ ሶስተኛው ደግሞ ስሙ ጥሩ ሆኖ ዋጋውም ከሁሉም የሚረክስ። እሱ ልቡ ሶስተኛው ላይ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ፎቶውን ከፍቼ በደንብ እስካላነበብኩ ድረስ እዛው ላይ ነበርኩ።

ጎማ ቤት አጠገብ ሰርቼ ስላደግኩ ሰው ፎቶ ይልክልኛል፣ የሚላከው ፎቶ ደግሞ ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ ጥርሱ ከፊት ለፊት ተነስቶ፣ በትልቁ የተጻፈው ስም ትንሽ ታይቶ በቃ። ጥርስ የአዲስ ጎማ ሁሉ ያምራል፣ ከጥርስ የምታውቀው ነገር የለም። የሚያስፈልግህ ጎኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን እንዴት እንደምታነሳ ወይም ሻጩን እንዴት እንደምታስነሳው እንነጋገር፣ ምክንያቱም ግማሹ ስህተት የሚመጣው ከማንበብ ሳይሆን ከፎቶው ነው።

የጎማ ጽሁፍ ጥቁር በጥቁር ነው፣ ቀለም የለውም፣ የምታየው ፊደሉ የሚጥለውን ጥላ ብቻ ነው። ስልክህ ላይ ፍላሽ አብርተህ ፊት ለፊት ካነሳኸው ጥላው ይጠፋና ጎማው እንደ መስታወት ያበራብሃል። ፍላሹን አጥፋ፣ የሌላ ሰው ስልክ መብራት ከጎን፣ ጎማውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ያብራልህ፣ ያኔ እያንዳንዱ ቁጥር ተነስቶ ይታያል። አቧራ ካለው በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ከዚህም የሚሻለው ግን የልጆች ጠመኔ ነው፣ ጠመኔውን አጋድመህ ጽሁፉ ላይ ታሽዋለህ፣ ከፍ ያለው ፊደል ነጭ ይሆናል ጀርባው ጥቁር ይቀራል፣ ከዛ በኋላ የትኛውም ርካሽ ስልክ አጥርቶ ያነሳዋል። ጠመኔ በውሃ ይለቃል፣ ሻጩ ቢቆጣም ምንም አይደለም።

ሌላው ነገር ጽሁፉ ክብ ስለሆነ በአንድ ፎቶ አትጨርሰውም። እኔ ብዙ ጊዜ ፎቶ ሳይሆን አጭር ቪዲዮ ነው የማስነሳው፣ ጎማውን አቁሞ ቀስ ብሎ አንድ ዙር ያንከባለው፣ ከዛ ገልብጦ ሌላኛውን ጎን ያዙረው። ሁለቱንም ጎን ያልኩት ለምን እንደሆነ ዕድሜው ላይ ስንደርስ ይገባሃል።

ብራንዱን ቶሎ እንለፈው፣ ምክንያቱም ሰው ከሚገባው በላይ የሚጨነቀው እሱ ላይ ነው። በትልቁ የተጻፈው ሁሉ ብራንድ አይደለም፣ ከኩባንያው ስም ቀጥሎ የሞዴሉ ስም ይመጣል፣ ለምሳሌ ዱራቪስ የብሪጅስቶን የቫን ጎማ ሞዴል ነው፣ አጂሊስ ደግሞ የሚሽሊን፣ እና «ዱራቪስ የሚባል ብራንድ ገዛሁ» የሚል ሰው ገጥሞኛል። `RADIAL`፣ `TUBELESS` የሚሉት ደግሞ የስራው አይነት ናቸው እንጂ ስም አይደሉም፣ ሁለተኛው ያለ ከመነዳሪ የሚሰራ ነው ማለት ነው። አገሩን `MADE IN` ከሚለው ቀጥሎ ታገኘዋለህ፣ የጃፓን ኩባንያ ጎማ ታይላንድ ወይም ኢንዶኔዥያ ተሰርቶ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የምለው ክብ ውስጥ ያለችውን `E4` አሳይቶ «አየህ የአውሮፓ ነው» የሚለውን ነው። ያቺ ምልክት ጎማው የአውሮፓን ስታንዳርድ ማለፉን ያጸደቀውን አገር ነው የምትነግርህ፣ 4 ኔዘርላንድ ነች። ቻይና የተሰራ ጎማ `E4` ሊኖረው ይችላል፣ ይኑረውም፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የትውልድ አገሩ አይደለም።

አሁን ወደ ሶስቱ ፎቶ። ከየጎማው ላይ ያነበብኩት ይሄን ነበር፦

```
1)  195R15C  8PR  106/104R    DOT .... 301?
2)  195R15C  8PR  106/104R    DOT .... 0725
3)  195/70R15  97T            DOT .... 2224
```

ነጥብ ነጥብ ያደረግኩት የፋብሪካው ኮድና ሌሎች ፊደሎች ናቸው፣ ለኛ አይጠቅሙንም። የመጀመሪያው ላይ የጥያቄ ምልክት ያደረግኩት ፍላሹ የመጨረሻዋን ቁጥር ስለበላት ነው፣ 3 ትሁን 8 አልለይ አለኝ።

ከሳይዝ እንጀምር። ሶስቱም ላይ 195 እና 15 አለ፣ ሻጩም ለእህቴ ባል የነገረው ይሄንኑ ነው፣ «መቶ ዘጠና አምስት፣ ቸርኬው አስራ አምስት፣ ያው ነው»። ያው አይደለም። 195 የጎማው ስፋት ነው በሚሊሜትር፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው በኢንች፣ ሶስተኛው ላይ መሀል የገባችው 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ነው። 195 በ70 ፐርሰንት ስታበዛው 136 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፣ እሱ ከላይም ከታችም አለ፣ 15 ኢንች ደግሞ 381 ሚሊሜትር ነው፣ ደምረው 654 ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ፐርሰንቱ አልተጻፈም፣ ካልተጻፈ ድሮ በተለመደው ቁመት የተሰራ ነው ማለት ነው፣ ከ80 ፐርሰንት በላይ እንጂ በታች አይሆንም፣ ስለዚህ ሙሉ ቁመቱ ወደ 69 እና 70 ሳንቲም ይጠጋል። ሶስተኛው ጎማ በ4 ሳንቲም ገደማ ያንሳል ማለት ነው። ቸርኬው ላይ ጥሩ አድርጎ ይገባል፣ ጎሚስታውም ምንም አይልህም፣ ግን መኪናው በ2 ሳንቲም ዝቅ ይላል፣ የፍጥነት ቆጣሪውም 100 ሲልህ ገና 94 አካባቢ ነህ።

እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይለፍ ባልኩ። ትልቁ ነገር ከጎኑ ያለችው 97T ነች።

ከሳይዙ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር የጭነት ኮድ ነው፣ ኪሎ ግን አይደለም፣ ሰንጠረዥ አለው። 97 ማለት አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 104 ማለት 900 ኪሎ፣ 106 ማለት 950 ኪሎ። ፊደሏ ፍጥነት ነች፣ R በሰዓት 170፣ T 190 ኪሎሜትር። እና እዚህ ላይ ሰው የሚሸወደው ነገር አለ፣ T ከ R ይበልጣል፣ ሻጩም «እንደውም ይሄ ፈጣን ነው» ይላል፣ እውነቱን ነው የሚናገረው፣ ግን ሚኒባስህ 170 ስለማትሄድ T ሆነ R ለአንተ ምንም አይጨምርልህም፣ የምትጭነው ሰውና ሻንጣ ግን በየቀኑ አለ።

106/104 ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው ለምንድነው ላልከኝ፣ የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲቆም ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ እንደ አይሱዙ ኋላ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም። ጥንድ ሲሆን አንዱ ለሌላው ሙቀት ያቀብላል፣ ጭነቱም እኩል አይከፈልም፣ ለዛ ነው የሚቀንሰው። አባዱላ ከኋላም ነጠላ ስለሆነች የመጀመሪያውን ነው የምታየው።

እስቲ እናስላው። አባዱላዋ ሞልታ፣ ጣራዋ ላይ የጤፍ ጆንያና ሻንጣ ተደርቦ፣ ከኋላ እግሯ ላይ 1,700 ኪሎ አረፈ እንበል። 97 የሆነውን ብታስር ሁለቱ ኋላ ጎማ አብረው 1,460 ኪሎ ነው የሚችሉት፣ 240 ኪሎ አልፈሃል። 106 ብታስር 1,900 ይችላሉ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ትርፍ አለህ፣ ያ ትርፍ ደግሞ አንዱ ጎማ ትንሽ ነፋስ ሲያንሰው ወይም ጉድጓድ ስትገባ የሚያድንህ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ማን ይመዝናል? ጎማው ነው የሚመዝነው።

የጭነት ኮዷ ፎቶው ላይ ካልታየችህ ሌላ መንገድ አለ። በትናንሹ ጽሁፍ መሀል እንደዚህ የሚል መስመር ፈልግ፦

```
MAX LOAD SINGLE 950 KG (2094 LBS) AT 450 kPa (65 PSI) COLD
```

እዚህ ላይ ኪሎው በግልጽ ተጽፏል። ነፋሱንም አብረህ እየው፣ 65 ፒኤስአይ። ሶስተኛው ጎማ ላይ ይሄ መስመር 730 ኪሎና 50 ፒኤስአይ ነበር የሚለው። ጎሚስታዎች ሚኒባስ ሲመጣ በልማድ ከፍ አድርገው ነው የሚነፉት፣ የቤት መኪና ጎማ አስረህ እንደ ሚኒባስ ጎማ ሲነፋልህ ከተጻፈበት ጣሪያ በላይ ወጣህ ማለት ነው፣ ዝቅ ብታስደርገው ደግሞ ጭነቱ ሲመጣ ጎኑ ይታጠፍና ይግላል። ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስደው፣ መፈንዳት። (በነገራችን ላይ ጎማው ላይ ያለው ፒኤስአይ በየቀኑ ንፋ የሚልህ አይደለም፣ ለመኪናህ የሚሆነው የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ላይ ነው ያለው። ጎማም ከመግዛትህ በፊት ሳይዙን ከዛው ላይ አንብበው፣ ከዚህ በፊት የነበረ ሰው ምን እንዳሰረባት ስለማታውቅ ካለቀው ጎማ ላይ አትገልብጥ።)

የቫን ጎማ መሆኑን የምታውቀው ከሳይዙ መጨረሻ ባለችው C ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሏት፣ ሶስተኛው የለውም። 8PR የምትለዋ ደግሞ የጥንካሬ ደረጃ ነች እንጂ ስምንት ንብርብር አለው ማለት አይደለም፣ ካላመንክ እዛው ጎማ ላይ ጎኑ ስንት ንብርብር እንደሆነ የሚዘረዝር ጽሁፍ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው የሚለው። «ስምንት ፕላይ ነው ስምንት» እያለ በጥፊ የሚመታልህ ሻጭ ሲያጋጥምህ ይሄን አስነብበው። ሌላ አንድ ፍንጭ ልጨምርልህ፣ ፎቶው ላይ `TREADWEAR` የሚል ቃልና አጠገቡ ሶስት ዲጂት ቁጥር ካየህ ብዙውን ጊዜ የቤት መኪና ጎማ ነው፣ ያ የአሜሪካኖች ደረጃ የሚሰጠው ለነሱ ነው። ሶስተኛው ላይ ነበረ። ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ቢሆን እኮ ምርጥ ጎማ ነው፣ ጥፋቱ የጎማው አይደለም።

እና ሶስተኛው ወጣ። የእህቴ ባል በዚህ ጊዜ «እንዴ፣ በ2 ሺህ ብር እኮ ነው የሚረክሰው» ብሎ ተከራከረኝ፣ በአራት ጎማ 8 ሺህ ነው እውነት ነው። «እኔ ሰው አልጭንበትም፣ አንተ ጫንበት» አልኩት። ዝም አለ።

አሁን የቀሩት ሁለቱ በሳይዝም በጭነትም አንድ ናቸው፣ ስለዚህ ምርጫው ስምና ዕድሜ መሀል ሆነ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው፣ የጃፓኑ ትንሽ ይወደዳል።

ዕድሜ የሚነበበው `DOT` ከሚለው ፊደል ጀምሮ ነው። ከሱ ቀጥሎ የፋብሪካው ኮድ ይመጣል፣ ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ብቻ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ትንሽ ሞላላ ፍሬም ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ሻጋታው ላይ ያቺን ቁራጭ ብቻ ነው በየሳምንቱ የሚቀይረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት። 0725 ማለት 2025 ዓመተ ምህረት በፈረንጅ፣ ሰባተኛው ሳምንት። ሳምንት ከ53 አይበልጥም፣ ስለዚህ ፎቶ ላይ 6111 ምናምን ያነበብክ ከመሰለህ ፎቶው ተገልብጧል ወይ ሌላ ቁጥር ነው ያየኸው። አራት መሆኑ ቀርቶ ሶስት ቁጥር ብቻ ካገኘህ ደግሞ በፈረንጅ ከ2000 በፊት የተሰራ ነው፣ እንዲህ አይነቱን ሱቅ ላይ ሳይሆን የአሮጌ መኪና ስኮርታ ላይ ነው የምታገኘው፣ አንድ ጊዜ አይቼ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

አራቱ ቁጥር የሚታተመው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላኛው ጎን ላይ `DOT` አለ፣ ኮዱም አለ፣ ቀኑ ግን ተቆርጦ ቀርቷል። አንድ ሻጭ ያንን ጎን ልኮልኝ «ይሄ ጎማ ዴት አይጻፍበትም» ብሎኛል፣ ገልብጠው ስለው ደግሞ ስልኩን አላነሳም። ቪዲዮው ሁለቱንም ጎን ያሳይ ያልኩት ለዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጎማ እንመለስ። 3 ይሁን 8 ያልለየኋትን ቁጥር በጠመኔ አሽቶ እንዲያነሳልኝ ጠዋት መለስኩት። ልጁን ጠመኔ አስገዝቶ ሄደ፣ አሸው፣ አነሳው፣ ፎቶው ሲመጣ እንደ ሰሌዳ ጽሁፍ ነበር የሚነበበው፣ 3018። ስልክ ላይ እያለሁ ሻጩ ከጀርባ ሲጮህ ይሰማኛል፣ «ይኸው 18! የዘንድሮ ናት አላልኩህም?»

ይሄ ነገር እኛ አገር ብቻ የሚፈጠር ነው። ዘንድሮ በኛ 2018 ነው፣ ጎማው ላይም 18 ይላል፣ ሰውየው የዋሸ አይመስለኝም፣ እራሱም አምኖበታል። ግን ታይላንድ ያለ ፋብሪካ የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 3018 ማለት በፈረንጅ 2018፣ 30ኛው ሳምንት፣ ሐምሌ መጨረሻቸው አካባቢ፣ በኛ ሐምሌ 2010 ነው። ጎማዋ ሰባት ዓመት አልፏታል፣ ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ አንደኛ ክፍል ነው። ለመቀየር ስትፈልግ ሳምንቱ እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንስ፣ ከ37 ጀምሮ ከሆነ መስከረም ገብቷልና 7 ቀንስ። በዚህ መሰረት 0725 የካቲት 2017 ይሆናል፣ ገና ዓመትም አልሞላውም።

ዕድሜ ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ኦክስጅንና ሙቀት ላስቲኩን ያደርቁታል፣ በተለይ ከጥርሱ ስር ሽቦውን የያዘው ላስቲክ ሲደርቅ ከሽቦው ይላቀቃል፣ ያን ጊዜ ነው በፈጣን መንገድ ላይ ጥርሱ እንደ ልጣጭ ተገፎ የሚበረው። ይሄ ከውጪ አይታይም። የአዳማ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ወይም ሱቅ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ከቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠው ቶሎ ያረጃል። ሻጩ ማብለጫ ቀብቶ ስለሚያስቀምጠው ያበራል፣ ማብለጫውን ጥረገውና ጎኑን በጣትህ ጫን አድርገህ አጥፈው፣ ቀጫጭን መሰንጠቅ ካየህ ጨርሰሃል። ካላየህ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ወሰኑ ስንት ነው ካልከኝ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። ሚሽሊን ጎማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከተሰራ 10 ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ጠበቅ አድርገው ስድስት ይላሉ። እንግሊዞች ደግሞ ከ2021 ጀምሮ (በፈረንጅ) ሚኒባስ ላይ ለብቻው የታሰረ ጎማ 10 ዓመት ካለፈው በህግ ከልክለዋል፣ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ የፊት ጎማንም እንደዛው። የእኔ ልክ፣ አዲስ ተብሎ በአዲስ ዋጋ ከሚሸጥ ጎማ ላይ ሁለት ዓመት እታገሳለሁ፣ ሶስት ከሆነ ዋጋ አስቀንሳለሁ፣ ከአምስት በላይ ከሆነ ለሰው መጫኛ አልወስድም።

እዚህ ላይ የእህቴ ባል ጥሩ ክርክር አመጣ፣ ልደብቀው አልችልም። «እኔ እኮ በቀን ሁለት ምልልስ ነው የምሰራው፣ ጎማ ዓመት ከምናምን አይቆይልኝም፣ 10 ዓመት ሳይሞላው ጥርሱ አልቆ እጥለዋለሁ፣ ታዲያ የጃፓኑን ብወስድ ምን ችግር አለው?» ልክ ነው፣ እንደውም አሮጌ ጎማ የሚጎዳው በዓመት ትንሽ የሚነዳውን የቤት መኪና ነው፣ ምክንያቱም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያልቃል። ግን የሱ ሂሳብ ሁለት ነገር ረሳ። አንደኛ ያ ዓመት ከምናምን ጎማው የሚያርፍበት ሙሉ ጭነት፣ ሙቅ አስፋልትና ፈጣን መንገድ ነው፣ ከሰባት ወደ ዘጠኝ የሚሄደው በከባዱ መንገድ ነው። ሁለተኛ ሰባት ዓመት የት እንደቆየ ማንም አያውቅም። ለምታውቀው ብራንድ ብለህ የማታውቀውን ሰባት ዓመት ነው የምትገዛው።

የቻይናው ላይስ? ስሙን አላውቀውም፣ ቢሆንም ሳይዙ ልክ ነው፣ ጭነቱ 106 ነው፣ C አለው፣ E ምልክቱ አለ፣ ዘጠኝ ወሩ ነው። እርጥብ መንገድ ላይ አያያዙ ከጃፓኑ ሊያንስ ይችላል፣ ቶሎም ሊበላ ይችላል፣ ይሄ ከፎቶ አይነበብም፣ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው። የጃፓኑ ሁለትና ሶስት ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ያለማቅማማት የጃፓኑን ውሰድ ነበር የምለው። ሰባት ሆኖ በአዲስ ዋጋ ግን አይሆንም። ሁለተኛውን ውሰድ አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኩት፣ ፎቶው የአንድ ጎማ ነው፣ የምትገዛው አራት። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሱቁ ሲደርስ አራቱንም እያገላበጠ አየ፣ ሶስቱ 0725 ናቸው፣ አራተኛው 4821፣ ማለትም ኅዳር 2014፣ ከአዲሶቹ ጋር ተቀላቅሎ የቀረ። ያቺ ከተሰራች ወደ አራት ዓመት ሰው ሳያያት ቆማለች ማለት ነው። ቁጥሩን ደግሞ በጣቱ ዳበሰው፣ ምክንያቱም ተፍቆ ሌላ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፣ እንዲህ ሲሆን ዙሪያው በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ይመስላል፣ ቁጥሩም ከጎማው ከፍ ብሎ በመውጣት ፈንታ ወደ ውስጥ የተቃጠለ ይሆናል። የሱ ንጹህ ነበር፣ ዕድሜው ብቻ ነው። ሻጩ ትንሽ አጉረመረመና ከጓዳ 0725 አምጥቶ ቀየረለት።

ጎሚስታው ጋር ሲያሳስር ደወለልኝ፣ «ቀኑ ያለበትን ጎን ወደ ውጪ አድርጎ ይሰር ልበለው?» አለኝ። በለው አልኩት፣ የመዞሪያ አቅጣጫ ወይም `OUTSIDE` የሚል ጽሁፍ ያለበት ጎማ ካልሆነ ችግር የለውም፣ ወደ ውስጥ ከታሰረ ከሁለት ዓመት በኋላ ለማንበብ ክሪክ ይዘህ ከመኪና ስር ልትገባ ነው። ጎሚስታው «ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሳቀበት አሉ። ከዛ የራሱን ባጃጅ ጎማ ገልብጦ ሲያነብ አገኘሁት ብሎ ማታ ጻፈልኝ፣ ስንት እንደሆነ ግን አልነገረውም።